ሳያሳውቁ የመጣ የግብር ግምት፦ የአንዲት የጎንደር ነጋዴ ጉዳይ

እትዬ የሻረግ (ስማቸውን ቀይሬዋለሁ) አራዳ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው። ቀለም፣ ሚስማር፣ የቧንቧ ዕቃ፣ የበር ቁልፍ ይሸጣሉ። ደረጃ ለ ግብር ከፋይ ናቸው። በጊዜው ሕግ ይህ ማለት የዓመት ገቢያቸው ከ500,000 ብር ጀምሮ 1,000,000 ብር ሳይደርስ የሚቆም ነጋዴ ማለት ነው። የ2014 የግብር ዓመት ሰኔ 30 ተዘጋ። ደረጃ ለ ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ፣ እስከ ነሐሴ 30፣ ማሳወቅ ነበረበት። እሳቸው አላሳወቁም።

ሆን ብለው አይደለም። መዝገባቸውን የሚሠራላቸው ልጅ ሥራ አግኝቶ ከጎንደር ወጣ። እሳቸውም በየሩብ ዓመቱ የተርን ኦቨር ታክስ (ቲኦቲ) እየከፈሉ ስለነበር «ግብሬን ከፍያለሁ» ብለው አርፈው ተቀመጡ። ይህ ግራ መጋባት እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ ላይ አለ። ቲኦቲ የሽያጭ ታክስ ነው። የንግድ ትርፍ ግብር ሌላ ነው፤ ማሳወቂያውም ጊዜውም ለብቻው ነው።

ጉዳዩ የታወቀው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ንግድ ፈቃድ ለማደስ የግብር ዕዳ እንደሌለባቸው የሚያሳየውን ክሊራንስ ሲጠይቁ ነው። ኮምፒዩተሩ ላይ 2014 ባዶ ነው። ጥር 9 ቀን 2015 አንድ ወረቀት ሱቃቸው ድረስ መጣላቸው፤ ፈርመው ተቀበሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ጥምቀት ነው። ጎንደር ላይ ጥምቀት ሲደርስ እንግዳ ያለበት ቤት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ገባ። እኔ ጋ የደረሰው ጥር 16 ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። ይህ ግምት በ2009 ያን ሁሉ ጫጫታ ያስነሳው የደረጃ ሐ የቀን ገቢ ግምት አይደለም። ያ መዝገብ ለማይዝ ትንሽ ነጋዴ ይሠራ የነበረ ቁርጥ ግብር ነው። የእትዬ የሻረግ ግን መዝገብ መያዝና ማሳወቅ ያለበት ሰው ሳያሳውቅ ሲቀር መሥሪያ ቤቱ እጁ ላይ ባለው መረጃ ተነሥቶ የሚሠራው ስሌት ነው። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 አንቀጽ 26 ላይ ያለው ማለት ነው። የክልል ሕጎችም በዚሁ መልክ የተቀረጹ ናቸው። አንቀጽ ስጠራ ግን የፌዴራሉን ነው፤ የራሳችሁን ደብዳቤ ስትጽፉ ውሳኔው ላይ የተጠቀሰውን ሕግና አንቀጽ ገልብጡ።

ወረቀቱ ምን ይላል? የ2014 የንግድ ትርፍ ግብር 38,000 ብር። ሳያሳውቁ ለቆዩበት መቀጫ 10,000 ብር። ዘግይቶ ለመክፈል መቀጫ 4,940 ብር። በጠቅላላ 52,940 ብር፤ ወለዱ ለብቻው። ከታች ደግሞ በደማቁ፦ እስከ የካቲት 9 ቀን 2015 ይክፈሉ።

እትዬ የሻረግ ጣታቸውን የካቲት 9 ላይ አድርገው «ገና ጊዜ አለን አይደል ልጄ?» አሉኝ።

የለንም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የካቲት 9 የመክፈያ ቀን ነው፤ ማስታወቂያው ከደረሰ ጀምሮ ከ30 ቀን ማነስ ስለሌለበት ነው እዚያ ላይ የዋለው። ቅሬታ የማቅረቢያው ጊዜ ግን 21 ቀን ነው፤ ከደረሳቸው ቀን ከጥር 9 ሲቆጠር ጥር 30 ላይ ያልቃል። ይህ ቀን በቀን መልክ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። «ቅር ከተሰኙ በ21 ቀን ውስጥ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ አለች። የካቲት 9ን ጠብቆ የሚሄድ ሰው ክፍያው ላይ በሰዓቱ ይደርሳል፤ ክርክሩ ግን አምልጦታል። በሕመም፣ ከአገር ውጭ በመሆን ወይም በሌላ በቂ ምክንያት ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን 21 ቀኑ ሳያልቅ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት፣ የሚገኘውም አጭር ነው። እኔ በማራዘሚያ ላይ ተማምኜ ሥራ አልጀምርም።

የእትዬ የሻረግ ሁለተኛ ሐሳብ ይበልጥ አደገኛ ነበር። አንድ ጎረቤት ነጋዴ «አሁን ሄደሽ ትክክለኛውን አሳውቂ፤ ግምቱ ይሰረዛል» ብሏቸዋል። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ያላሳወቅሁት ነው የተገመተብኝ፤ ካሳወቅሁ ግምቱ ምን ሊሠራ ይቀራል? አዋጁ ግን ሁለት ነገር ነው የሚለው። አንደኛ፣ ግምቱ ቢመጣም የማሳወቅ ግዴታችሁ አይቀርም። ሁለተኛ፣ ግምቱ ከደረሳችሁ በኋላ የምታስገቡት ማሳወቂያ በራስ እንደተሰላ ግብር አይቆጠርም። በጊዜው ያሳወቀ ሰው ቅጹን ሲያስገባ የጻፈው ቁጥር በዚያው ግብሩ ይሆናል። ከግምት በኋላ ያሳወቀ ሰው ቅጽ ግን ማስረጃ ብቻ ነው። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ተቀብሎ ማኅተም ይመታበታል፤ ሥርዓቱ ላይ ያለው 38,000 ግን ንቅንቅ አይልም። ሰውዬው የተቀበሉትን ቅጽ ይዞ ደስ ብሎት ይሄዳል። ከወራት በኋላ የባንክ ሒሳቡ ሲታገድ ነው የሚደነግጠው።

ስለዚህ ግምቱን በእውነተኛው ቁጥር የሚተካው ቅጹ ለብቻው አይደለም። ቅጹን፣ ያልተከራከርንበትን ግብር የከፈልንበትን ደረሰኝና በ21 ቀን ውስጥ የገባ የቅሬታ ማመልከቻን አንድ ላይ ማቅረብ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ነገሩ ያነክሳል።

ግምቱ ከየት መጣ?

ሥራችን የተጀመረው እዚህ ነው። የእትዬ የሻረግን ሒሳብ ከመሥራታችን በፊት የመሥሪያ ቤቱን ሒሳብ ማወቅ ነበረብን። 38,000 ከሰማይ አልወረደም። ሄደን የስሌቱን ዝርዝር ጠየቅን፤ አንድ ገጽ ሰጡን። አቅራቢዎች በእሳቸው ቲን ቁጥር ሸጠናል ብለው ያሳወቁት ተደምሮ 800,000 ብር ግዢ ነው። በዚያ ላይ 20 በመቶ ትርፍ ጨምረው ሽያጩን 960,000 አሉት። ልዩነቱን 160,000 ብር እንዳለ እንደ ተጣራ ትርፍ ያዙት። በጊዜው ምጣኔ ከ130,800 በላይ የሆነ ትርፍ በ35 በመቶ ይባዛል፤ ከዚያ 18,000 ይቀነሳል። 56,000 ሲቀነስ 18,000፣ 38,000።

እትዬ የሻረግ ወረቀቱን አይተው «20 ፐርሰንት? ማን ነው ሚስማር ላይ 20 ፐርሰንት የሚያተርፈው?» ብለው ተቆጡ። ብዙ ሰው ሙሉ የቅሬታ ደብዳቤውን በዚህ ይጨርሰዋል፦ ገበያው ተቀዛቅዟል፣ ኑሮ ተወድዷል፣ ትርፉ በዝቷል። እኔ የትርፍ መጠኑን ለጊዜው ተዉት አልኳቸው። ሌላ ሦስት ቀዳዳ ይታየኝ ነበር። የተገዛው ዕቃ ሁሉ ተሸጧል ተብሎ ተይዟል። ወጪ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። 800,000 የሚለው ግዢ ደግሞ ሱቁን ለሚያውቅ ሰው በዛ ያለ ነው።

ከግዢው ጀመርን። የግዢ ደረሰኞቹ በሦስት የቀለም ባልዲ ውስጥ ነበሩ። በወር በወር ደረደርናቸው፤ ተደምረው 736,000 ብር ሆኑ። 64,000 ብር ጎድሏል። ደረሰኝ ጠፍቶ ይሆናል ብለን አልተውነውም፤ ከመሥሪያ ቤቱ ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ አስተያየነው። አዲስ አበባ ካለ አንድ አከፋፋይ የተገዛ ቀለም ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል፤ ቀኑ ይቀራረባል፣ መጠኑ እኩል ነው። አከፋፋዩ መጀመሪያ የቆረጠው ደረሰኝ ላይ ስሕተት ስለነበረ ሰርዞ ሌላ ቆርጧል፤ ሲያሳውቅ ግን ሁለቱንም ልኳል። ስልክ ደወልን፤ የመጀመሪያው ደረሰኝ መሰረዙን የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ በአውቶቡስ ላከልን። ያለዚያ ደብዳቤ «ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል» የሚለው ወሬ ብቻ ይሆን ነበር። አዋጁ ላይ የማስረዳቱ ሸክም የግብር ከፋዩ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ግምቱ ልክ መሆኑን እንዲያስረዳ አይጠበቅበትም።

ቀጥሎ ሽያጩ። የካሽ ሬጅስተር ማሽን አላቸው፤ በየማታው የቀኑን ሽያጭ ድምር የሚያሳይ ዜድ ሪፖርት ያወጣሉ። ሪፖርቶቹን በላስቲክ አስረው አስቀምጠዋቸዋል። ችግሩ ወረቀቱ በሙቀት የሚጻፍበት ዓይነት መሆኑ ነው። የሱቁ ቆርቆሮ ሥር ከርሞ ግማሹ ነጭ ሆኗል፤ ብርሃን ላይ አዘንብለን ብናየው እንኳ ቁጥሩ አይለይም። የማሽኑ ፊስካል ሜሞሪ ግን የየቀኑን ድምር ይይዛል። የጥገና ባለሙያው መጥቶ ከሐምሌ 1 ቀን 2013 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2014 ያለውን የጊዜ ሪፖርት አወጣልን፤ ከቲኦቲ በፊት 772,000 ብር። ሲወጣ ወዲያው ፎቶ ኮፒ አደረግነው፤ ያኛውም ወረቀት ይጠፋልና።

772,000 ከአራቱ የቲኦቲ ማሳወቂያዎች ድምር ጋር ገጠመ። ደስ ብሎን ልንሄድ ስንል እትዬ የሻረግ አንድ ነገር አስታወሱ። መጋቢት ላይ ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በእጅ ደረሰኝ ሸጠዋል። የደረሰኙ ጥራዝ ተገኘ፤ 15,500 ብር። ያ ሽያጭ ቲኦቲ ውስጥ አልገባም።

«ይህንን እንተወው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አልተውነውም። ይህን የምለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። የእጅ ደረሰኝ ጥራዝ በፈቃድ የታተመ ነው፤ ስንት ቅጠል እንደወሰዱ መሥሪያ ቤቱ ያውቃል። ቅሬታ የሚያጣራው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ደግሞ የትርፍ ግብር ሽያጩን ከቲኦቲው ጋር ማስተያየት ነው። አንድ የተደበቀ ጥራዝ ካገኘ ሌላው ማስረጃችን ሁሉ ይቆሽሻል። ሽያጩን 787,500 ብር አደረግነው። ለቀረው 15,500 የ2 በመቶ ቲኦቲ 310 ብር ነው፤ እሱን ለብቻው አስተካክለን ከነመቀጫው ከፈልን። እውነተኛ ቁጥር ለማስገባት የወሰነ ሰው እንዲህ ያለ ትንንሽ ዕዳ አብሮ እንደሚመጣ ይወቅ።

በጣም የሠራንበት ግን ዕቃው ነው። ቆጠራ የሌለው ሱቅ የተሸጠበትን ዋጋ ማስረዳት አይችልም። የተሸጠው ዕቃ ዋጋ ማለት ዓመቱ ሲጀምር የነበረው ዕቃ፣ ሲደመር የተገዛው፣ ሲቀነስ ዓመቱ ሲያልቅ የቀረው ነው። መክፈቻው ቀላል ነበር፦ በ2013 ማሳወቂያቸው ላይ ቀሪ ዕቃ 150,000 ብር ተብሎ ተጽፏል። የ2014 መክፈቻ ከዚያ ውጭ ሊሆን አይችልም። ሰው እዚህ ላይ መክፈቻውን ከፍ አድርጎ ትርፉን ሊያሳንስ ይሞክራል፤ የአምናውን ፋይል የሚያወጣ አጣሪ በአንድ ደቂቃ ይይዘዋል።

መዝጊያው ግን ላብ አስወጣን። ሰኔ 30 ላይ ተቆጥሯል ወይ? የሱቁ ልጅ፣ የወንድማቸው ልጅ ነው፣ ከቆጣሪው ሥር አንድ ደብተር ጎትቶ አወጣ። ሐምሌ 1 ላይ በራሱ እጅ የቆጠረው ነው። «ቀለም 4 ሊትር ነጭ 31፣ ክሬም 12፣ ግማሽ ኢንች ክርን 240» እያለ ይቀጥላል። ዋጋ ግን የለውም። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የገዙበትን ዋጋ ከደረሰኙ እየፈለግን ሞላነው። የሸጡበትን ዋጋ አልተጠቀምንም፤ ቀሪ ዕቃ በገዙበት ዋጋ ነው የሚያዘው። 236,000 ብር ወጣ። ደብተሩን ኦርጅናሉን ነው ያቀረብነው፤ ቅባት የነካውን፣ የተሰረዘ የተደለዘበትን። በኮምፒዩተር አሳምረን ብንጽፈው ኖሮ ትናንት የተፈበረከ ይመስል ነበር።

ስለዚህ 150,000 ሲደመር 736,000፣ ሲቀነስ 236,000፣ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 650,000 ብር ሆነ። ጥቅል ትርፉ 137,500 ነው። ይህ በዋጋው ላይ 21 በመቶ ገደማ ነው። እትዬ የሻረግ ያን ያህል የተቆጡበት 20 በመቶ ከእውነቱ በታች ነበር! በትርፍ መጠኑ ላይ ብንከራከር ኖሮ የራሳችን መዝገብ ይረታን ነበር።

ወጪው ላይ ወረቀት ያለውን ብቻ ጠየቅን። የሱቅ ኪራይ 36,000 ብር፤ ውል አለ፣ አከራዩም የፈረሙበት አለ። የአይሱዙ ጭነት 13,500። መብራት፣ የፈቃድ ዕድሳት፣ የማሽን ጥገና በድምሩ 6,000። የወንድማቸውን ልጅ ደመወዝ አልጠየቅንም። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ እሳቸው ቤት ያድራል፣ ኪሱን አልፎ አልፎ ይሞሉለታል። የደመወዝ መዝገብም ሆነ የሥራ ግብር ተቆርጦ የተከፈለበት የለም። ከዚህ ወጥቶ «24,000 ደመወዝ» ብሎ መጻፍ ሌላ ጉድጓድ መቆፈር ነው።

137,500 ሲቀነስ 55,500፣ የተጣራ ትርፍ 82,000 ብር። በ25 በመቶ ሲባዛ 20,500፤ 6,780 ሲቀነስ ግብሩ 13,720 ብር ነው።

አሁን ግምቱና እውነቱ የት ላይ እንደተለያዩ ጥርት ብሎ ይታያል። ከ160,000 ላይ በተደገመው ደረሰኝ ምክንያት 12,800 ይወጣል። ያልተሸጠው ዕቃ የ86,000 ጭማሪ ነበረው፤ በዚያ ምክንያት 17,200 ይወጣል። 130,000 ላይ ደረስን። የእኛ የትርፍ መጠን ስለሚበልጥ 7,500 ይጨመራል። ከዚያ ወጪው 55,500 ይቀነሳል። 82,000። ይህን ሰንሰለት ለማውጣት ጊዜ ሰጠሁት፤ ምክንያቱም አጣሪው ማወቅ የሚፈልገው እሱን ነው። «የእኔ ቁጥር ይህ ነው» ብሎ ፋይል መወርወር ሌላ ነው። «የእናንተ ቁጥር እዚህ፣ እዚህና እዚህ ላይ ይስተካከል፤ ማስረጃው ይኸው» ማለት ሌላ ነው።

ደብዳቤው

ሕጉ ቅሬታ ተቀባይነት እንዲኖረው ምክንያቱ በግልጽ እንዲጻፍ፣ ምን እንዲስተካከል እንደሚፈለግ እንዲጠቀስ፣ ከክርክር ውጭ የሆነው ግብርም እንዲከፈል ይጠይቃል። የእኛ ደብዳቤ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ዋናው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«የ2014 የግብር ዘመን የንግድ ትርፍ ግብር በግምት ብር 38,000 እንዲሆን የተሰጠው ውሳኔ ጥር 9 ቀን 2015 ደርሶኛል። ስሌቱ በሦስት ነጥብ ከእውነታው የወጣ በመሆኑ ግብሩ ወደ ብር 13,720 እንዲስተካከልልኝ አመለክታለሁ። አንደኛ፣ ብር 64,000 የሆነ ግዢ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል (አባሪ 1)። ሁለተኛ፣ ሰኔ 30 ላይ ያልተሸጠ ዕቃ እንደተሸጠ ተይዟል (አባሪ 2)። ሦስተኛ፣ ገቢውን ለማግኘት የወጣ ወጪ አልተቀነሰም (አባሪ 3)። ያልተከራከርኩበትን ብር 13,720 የከፈልኩበት ደረሰኝና የ2014 የግብር ማሳወቂያ ቅጽ ተያይዘዋል።»

ልመና የለም። ታሪክ የለም። መዝገብ የሚሠራው ልጅ ስለመሄዱ እንኳ አላነሳንም፤ እሱ የመቀጫ ጉዳይ ነው እንጂ የግብሩን መጠን አይቀይረውም።

13,720ውን ሰኞ ጥር 29 ከፈሉ። በዚያው ዕለት ማሳወቂያውንና ቅሬታውን አስገባን፤ የቅሬታው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ተጻፈበት። የክፍያው ቀን ሌላም ጥቅም ነበረው። ዘግይቶ የመክፈል መቀጫ ለመጀመሪያው ወር ወይም የወር ክፍል 5 በመቶ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር ወይም የወር ክፍል 2 በመቶ ይጨመራል። ከነሐሴ 30 ሲቆጠር ጥር አምስተኛው ወር ነው፤ 13 በመቶ። የካቲት 1 ቢገባ 15 ይሆን ነበር። ግምቱ በጥር ስለደረሰ ቆጠራው ከጥር አይጀምርም፤ የሚቆጠረው ድሮ መከፈል ከነበረበት ቀን ነው። ወለዱም እንደዚያው።

ከዚያ ጥበቃ ነው። አጣሪው አካል ለመወሰን 180 ቀን አለው። በዚህ መካከል አንድ ጊዜ ጠርተውን የሱቁን ልጅ ስለ ቆጠራው ጠየቁት። ደብተሩን ገልጠው «ክርን 240» የምትለዋን እያሳዩ «ይህ ምንድን ነው?» አሉት። ልጁ ሳያስብ «የቧንቧ ማጠፊያ፤ ዘጠና ዲግሪ» አለ። ስለ መዝጊያ ዕቃው ከዚያ በኋላ ጥያቄ አልመጣም።

ውሳኔው ሰኔ 15 ደረሰ። የተደገመው ደረሰኝ ወጣ፤ ቆጠራው ተያዘ፤ ኪራዩ ተፈቀደ። ከጭነቱ 5,000 ብር ወደቀ። ሾፌሮቹ በብጣሽ ወረቀት የፈረሙት ነው፤ ቲን የለው፣ ደረሰኝ አይደል። ልክ ናቸው። ትርፉ 87,000 ሆነ፤ ግብሩ 14,970። በቀሪው 1,250 ብር ላይ ይግባኝ ማለት ይቻል ነበር፤ በ30 ቀን ውስጥ፣ ከተከራከርንበት ግብር ግማሹን አስይዞ። ወደ ይግባኝ ሲኬድ በቀላሉ የማይታለፈው ይህ ማስያዣ ነው። 38,000ው እንዳለ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ ያስጨንቀን ነበር። ለ1,250 ግን አንከራከርም፤ በዚያው ወር ተከፈለ።

መቀጫው ላይ ግን እትዬ የሻረግ አዘኑ። ግብሩ ከግማሽ በታች ሲወርድ የ10,000ውም መቀጫ አብሮ ይወርዳል ብለው ጠብቀው ነበር። አልወረደም። ባለማሳወቅ የሚጣለው መቀጫ ካልተከፈለው ግብር ላይ በመቶኛ ተሰልቶ ከ25 በመቶ አይበልጥም። ግን ወለል አለው፦ ከ10,000 ብርና ከግብሩ ከራሱ ትንሹን ያህል መሆን አለበት። የ38,000 ሩብ 9,500 ነው፤ ወለሉ ወደ 10,000 አነሣው። የ14,970 ሩብ 3,742.50 ነው፤ ያንንም ወለሉ ወደ 10,000 አነሣው። ግብር ባይኖርባቸው እንኳ 10,000 ነበር። ስለዚህ ትንሽ ነጋዴ እውነተኛ ቁጥሩን ሲያስገባ የሚወርድለት ግብሩ፣ ዘግይቶ የመክፈል መቀጫውና ወለዱ ነው። ያኛው አይነቃነቅም።

ዘግይቶ የመክፈሉ መቀጫ በቅድሚያ በተከፈለው 13,720 ላይ 13 በመቶ፣ 1,783.60 ብር ሆነ። በሰኔ በተከፈለው 1,250 ላይ ደግሞ 23 በመቶ፣ 287.50። ጠቅላላው ከወለዱ በፊት 27,041.10 ብር ነው። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ 52,940 ነበር።

ጉዳዩ እንዲህ ያለቀው ወረቀቱ በጊዜ ስለተያዘ ነው። 21 ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ሰው ምን ያደርጋል? ውሳኔው ይጸናል። የሚቀረው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ስሌቱን እንዲያሻሽል ማመልከት ነው። ሕጉ ግብሩን በትክክለኛው መጠን ለማድረግ ስሌት የማሻሻል ሥልጣን ሰጥቶታል፤ በመደበኛው በአምስት ዓመት ውስጥ። ግን «ይችላል» ነው የሚለው። በቅሬታ መንገድ ስትሄዱ መልስ የማግኘት መብት አላችሁ፤ 180 ቀኑ ካለፈ እንኳ በቀጥታ ይግባኝ ይባላል። በዚህኛው መንገድ ግን ማስረጃችሁ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን በር አንኳኪ ናችሁ። የተደገመ ደረሰኝን የመሰለ ግልጽ ስሕተት ያለበት ሰው ያንኑ ለይቶ ቢያቀርብ ይሻለዋል፤ ሙሉ መዝገብ አዲስ ይታይልኝ ማለት ከባድ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ግምቱ ከእውነቱ ያነሰ ነጋዴ ዝም ብሎ ከፍሎ መገላገል ያምረዋል። የማሳወቅ ግዴታው ግን አልተነሳም። በኋላ ኦዲት መጥቶ ልዩነቱን ሲያገኝ ግብሩን ከነመቀጫው ይጠይቃል። ከነሐሴ 30 ጀምሮ የተቆጠረ ወለድ አብሮ ይመጣል።

ከዚህ በላይ የጠቀስኳቸው ደረጃዎችና ምጣኔዎች በ2014 የነበሩት ናቸው። በ2017 በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ተቀይረዋል፤ ለኋለኛው ዓመት ስትሠሩ አዲሱን ያዙ።

እትዬ የሻረግ የ2015ን ማሳወቂያ ሐምሌ ላይ አስገቡ። መክፈቻ ዕቃ 236,000፤ አጣሪው ከተቀበለው ጋር አንድ ነው። ለ10,000ው መቀጫ ለብቻው የይነሳልኝ ማመልከቻ አስገብተናል። መዝገብ የሚሠራው ልጅ መሄዱን ያነሳነው እዚያ ላይ ነው። መልሱ አጭር ነበር፦ መዝገብ ሠራተኛ መቀየር ለመቀጫ ማንሻ በቂ ምክንያት አይደለም። ከፈሉ፤ ክሊራንሱንም ወሰዱ።